ኔት ሲጠፋ ላፕቶፑ ላይ ምን ይቀራል?

ያገለገሉ ላፕቶፖች የሚሸጡበት ሱቅ የገባ ሰው፣ ከትልልቆቹ ዴልና ኤችፒ ጎን አነስ ያሉ፣ ጠርዛቸው በጎማ የተለበጠ፣ ስክሪናቸው 11 ኢንች የሆነ ጥቁር ላፕቶፖች ሊያይ ይችላል። የአንዳንዶቹ ጀርባ ላይ የአሜሪካ ትምህርት ቤት የንብረት ቁጥር እንደተለጠፈ ነው። ክሮምቡክ ይባላሉ። ክብደታቸው ቀላል ነው፣ ባትሪያቸው ይቆያል፣ ዋጋቸውም ከሌሎቹ ያንሳል። ለልጁ ወይም ለእህቱ መማሪያ የሚፈልግ ሰው ዓይኑ እዚያ የሚያርፈው ለዚህ ነው። ሻጩ «ኢንተርኔት ይከፍታል፣ ዎርድ ይሠራል» ቢል አልዋሸም፤ ችግሩ ይህ ሁሉ ልክ የሚሆነው ኔት እስካለ ድረስ መሆኑ ነው።

ክሮምቡክ ለገበያ የቀረበው በፈረንጆቹ 2011 ነው። የተሠራበት ሐሳብ ግልጽ ነው፦ ተማሪው የሚሠራው ሁሉ በብሮውዘር ውስጥ ይሠራ፤ ጽሑፉም፣ ሰንጠረዡም፣ ፎቶውም ሩቅ ባለ የጉግል ሰርቨር ላይ ይቀመጥ። እንዲህ ከሆነ ማሽኑ ላይ ብዙ ሸክም የለም። 4 ጊጋ ራምና 32 ጊጋ ማከማቻ ይበቃዋል፤ ከዚያ 32 ጊጋም ትልቁን ድርሻ ሥርዓቱ ራሱ ይወስደዋል። ዋይፋይ ከጠዋት እስከ ማታ በማይቋረጥበት ክፍል ይህ አሠራር ጥሩ ነው፤ ማሽኑ ቢሰበር እንኳ ልጁ ሌላ አንስቶ ካቆመበት ይቀጥላል።

እኛ አገር ግን ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ምክንያት ብዙ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ገደማ አገሩ ያለ ኔት ቆይቷል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቷል። እነዚህ በዜና የሚነገሩት ናቸው። ተማሪውን በየቀኑ የሚያስቸግረው ግን ሌላ ነው፦ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩ አብሮ ይሄዳል፣ የወሩ ጥቅል በአሥራ ስምንተኛው ቀን ያልቃል፣ ማታ ዶርም ውስጥ ሁሉም ስልኩን ሲያወጣ ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ስለዚህ ላፕቶፕ ሲገዛ መጠየቅ ያለበት ኔት በጠፋ ጊዜ ማሽኑ ላይ ምን እንደሚቀር ነው።

አንድ ምሳሌ ወስደን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ደብረ ብርሃን የምትማር የሁለተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ አለች እንበል። በእጇ ሦስት ሥራ አለ፦ በአማርኛ መጠይቅ ያለው የአሥራ አምስት ገጽ የቡድን ጥናት፣ የስላይድ ገለጻ፣ እና የፒችትሪ መልመጃ። ሰኞ ማታ ኔት ጠፋ፤ የሚመለሰው ሐሙስ ነው። ጥናቱን ዓርብ ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማ ማስረከብ አለባት።

በክሮምቡክ ከያዘችው፣ ሁሉም ነገር የሚወሰነው ከሰኞ በፊት ባደረገችው ነው። የጉግል ዶክስ ጽሑፍ ያለ ኔትም ይከፈታል፣ ይጻፍበታልም፤ ነገር ግን ይህ በራሱ የሚሆን አይደለም። ኔት እያለ drive.google.com ከፍታ፣ የማስተካከያውን ምልክት ነክታ፣ ከ Settings ውስጥ Offline የሚለውን ማብራት ነበረባት። ከዚያ የምትፈልገውን ፋይል መርጣ Available offline የሚለውን መንካት፣ ማሽኑንም ፋይሎቹን አውርዶ እስኪጨርስ ኔት ላይ መተው ነበረባት። በቅርብ የተከፈቱትን ጉግል በራሱ ያስቀምጣል፤ ከሁለት ወር በፊት የተጻፈ ምዕራፍ ግን ላይኖር ይችላል። ኔት ጠፍቶ docs.google.com ሲከፈት ያልወረዱት ፋይሎች ስማቸው ደብዝዞ ይታያል። ስሙ አለ፣ ጽሑፉ የለም። ብዙ ተማሪ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ ፋይሉ ዝርዝሩ ውስጥ ስለሚታየው ማሽኑ ላይ ያለ ይመስለዋል።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ይህን ሁሉ አዘጋጅታለች እንበል። ማክሰኞና ረቡዕ ጥናቷን ትጽፋለች፣ ስላይዱንም ትሠራለች። ክሮም ኦኤስ አማርኛ መጻፊያ ስላለው መጠይቁንም ትተይባለች፤ መጻፊያውንም ቢሆን አስቀድሞ ኔት እያለ ከማስተካከያው ጨምሮ አንዴ መሞከር ይሻላል። ሁለት ነገር ግን ያስቸግራታል። የመጀመሪያው የቡድን ጓደኛዋ ከሌላ ላፕቶፕ በፍላሽ ያመጣችላት የዎርድ ፋይል ነው። ማይክሮሶፍት ከፈረንጆቹ መስከረም 2021 ጀምሮ የኦፊስ የአንድሮይድ አፖችን ክሮምቡክ ላይ መደገፍ ትቶ ተጠቃሚውን ወደ ድረ ገጹ ስለመራ፣ ክሮምቡክ ላይ ዎርድ ማለት ኔት የሚፈልግ ገጽ ነው። ያንን ፋይል ያለ ኔት አንብባ ልታስተካክል ከቻለችም ከጉግል መሣሪያ ጋር በሚገጥመው መጠን ነው፤ የሰንጠረዥና የገጽ አቀማመጥ ሊዛባ ይችላል። መጠይቁ ደግሞ ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ከተጻፈ፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሁሉ በአማርኛ ፈንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ይመጣል። ክሮምቡክ ላይ ያንን ፎንት እንደ ዊንዶውስ በቀላሉ ጭኖ መገላገል የለም።

ሁለተኛው ፒችትሪ ነው፤ እሱ ላይ ድርድር የለም። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ ክሮምቡክ ላይ አይጫንም። በተመሳሳይ የሲቪል ተማሪው አውቶካድ፣ የጂኦግራፊው አርክ ጂአይኤስ፣ የስታቲስቲክሱ ኤስፒኤስኤስ ክሮምቡክ ላይ አይጫኑም። አንዳንዶቹ በብሮውዘር የሚሠራ አቻ አላቸው፤ ኔት ለሌለው ተማሪ ግን ያ ምንም አይጠቅመውም።

ሐሙስ ኔት ሲመለስ የጻፈችው ሁሉ በራሱ ወደ ጉግል ይወጣል። የቀረው ማሳተም ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚፈልገው በፍላሽ የመጣ ፒዲኤፍ ወይም ዎርድ ነው። የጉግል ዶክስ ፋይል ግን በፍላሽ ተገልብጦ የሚሄድ ፋይል አይደለም፤ ሰርቨሩ ላይ ላለው ጽሑፍ አድራሻ ነው። መጀመሪያ ኔት እያለ በፒዲኤፍ ወይም በዎርድ መልክ መውረድ፣ ከዚያም ማሽኑ ላይ Downloads ውስጥ መቀመጥ አለበት። ኔት የተመለሰው ዓርብ ከሰዓት ቢሆን ኖሮ ጽሑፉ ተጽፎ እያለ ማስረከቢያው ሊያልፍባት ይችል ነበር። እዚህ ያለው ምክር አንድ ነው፦ ትልቅ ሥራ ያለበት ሰው ኔት ባገኘ ቁጥር የደረሰበትን በፒዲኤፍ እያወረደ ያስቀምጥ።

ይህችው ተማሪ ያገለገለ ሙሉ ላፕቶፕ ቢኖራት፣ ማለትም ዴል ላቲቲውድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ ወይም ሌኖቮ ቲንክፓድ፣ 8 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለው፣ ሰኞና ሐሙስ ለጽሑፉ ልዩነት የላቸውም። ዎርድ፣ ኤክሴልና ፒችትሪው ማሽኑ ላይ ናቸው፤ ፋይሉም እዚያው ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ኦፊሱ ላይ ነው። በየወሩ የሚከፈልበት ማይክሮሶፍት 365 ፈቃዱን ለማረጋገጥ ቢያንስ በወር አንዴ ኔት ካላገኘ ማንበብ እንጂ መጻፍ ይከለክላል። አንዴ የሚገዛው ኦፊስ ወይም ነፃው ሊብሬ ኦፊስ ይህ ችግር የለባቸውም። ሊብሬ ኦፊስን አንዱ ተማሪ አውርዶ በፍላሽ ለክፍሉ በሙሉ ሊያድለው ይችላል፤ ፈቃዱ ይህን አይከለክልም።

ሙሉ ላፕቶፕ ግን የራሱ ጣጣ አለው። አንደኛው ዳታ መብላቱ ነው። ከስልክ ሆትስፖት ጋር የተገናኘ ዊንዶውስ ባለቤቱ ሳያውቅ ዝማኔ እያወረደ የሳምንቱን ጥቅል በአንድ ማታ ሊጨርስ ይችላል። የዋይፋዩ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ Metered connection የሚለውን ማብራት ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ሁለተኛው ቫይረስ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ሲሰካ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረው ያላየ ተማሪ ጥቂት ነው። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም፤ ተደብቀው ነው። ፍላሹ የ E ድራይቭ ከሆነ በኮማንድ ፕሮምፕት ይህ ይመልሳቸዋል፦

```
attrib -h -r -s /s /d E:\*.*
```

ይህ ትእዛዝ ፋይሎቹን ያሳያል እንጂ ቫይረሱን አያጠፋም፤ ፋይሎቹ ወደ ሌላ ቦታ ተገልብጠው ፍላሹ ፎርማት መደረግ አለበት፣ ላፕቶፑም መመርመር አለበት። ያው ፍላሽ ክሮምቡክ ላይ ሲሰካ ቫይረሱ አይነሳም፤ ለዊንዶውስ የተጻፈ ፕሮግራም ስለሆነ እዚያ ምንም ማድረግ አይችልም። ይህ የክሮምቡክ እውነተኛ ብልጫ ነው፤ በተለይ ፋይል ከኔት ይልቅ በፍላሽ በሚዞርበት ግቢ ውስጥ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛው ባትሪ ነው። ክሮምቡክ አዲስ እያለ አሥር ሰዓት ያህል ይቆያል፣ አርጅቶም ግማሽ ቀን መሄድ ይችላል፤ ብዙዎቹ በዩኤስቢ ሲ ስለሚሞሉ ከሶላር ወይም ከጠንካራ ፓወር ባንክም ይሞላሉ። ከቢሮ የወጣ ሙሉ ላፕቶፕ ግን መብራት እንደሄደ ብዙ ሳይቆይ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ኮማንድ ፕሮምፕት ተከፍቶ ይህ ይጻፍ፦

```
powercfg /batteryreport
```

ማሽኑ ሪፖርቱን የት እንዳስቀመጠ ይነግራል። ሲከፈት ሁለት ቁጥር ይፈለግ፦ DESIGN CAPACITY ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅም ነው፣ FULL CHARGE CAPACITY ዛሬ የቀረው። የመጀመሪያው 50,000፣ ሁለተኛው 21,000 ቢሆን ባትሪው 42 በመቶ ቀርቶታል ማለት ነው፤ ሲገዛ ሰባት ሰዓት ይሠራ የነበረ ዛሬ ሦስት ሰዓት አይሞላም። እንዲህ ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከድርድሩ ላይ ይቀነስ።

ዕድሜም ይታይ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ በፈረንጆቹ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር በታች በይፋ አይቀበልም። ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ማሽኖች በርካሽ የሚገኙት በከፊል ለዚህ ነው። መሥራት አያቆሙም፤ ያለ ደህንነት ዝማኔ ግን እንደልብ ፍላሽ መቀበል አያምርባቸውም።

ክሮምቡክም የማብቂያ ቀን አለው፤ የሱ ጠበቅ ያለ ነው። ጉግል በፈረንጆቹ መስከረም 2023 የዝማኔውን ዘመን ወደ 10 ዓመት አራዝሟል። ነገር ግን አሥሩ ዓመት የሚቆጠረው የማሽኑ ዓይነት መጀመሪያ ከወጣበት ጊዜ እንጂ ገዢው ከገዛበት ቀን አይደለም። ትምህርት ቤቶች በብዛት የሚያስወግዱትም ይህ ቀን የደረሰበትን ወይም የቀረበውን ነው። ቀኑ ሲያልፍ ማሽኑ ይከፈታል፣ ብሮውዘሩ ግን ባለበት ይቀራል፤ ከጊዜ በኋላ ድረ ገጾች አንድ በአንድ አልከፈትም ይሉታል። ሁሉም ነገሩ ብሮውዘር ለሆነ ማሽን ይህ ከባድ ነው። ቀኑ ከ Settings ውስጥ About ChromeOS ተገብቶ ተጨማሪ ዝርዝሩ ላይ ይታያል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው፤ ገንዘብ የሚያስጥለው እሱ ነውና ላቆይበት። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ክሮምቡኮቻቸውን በማዕከል የሚቆጣጠሩት በምዝገባ ነው። ማሽኑ ሲወገድ አስተዳዳሪው ከምዝገባው ካልሰረዘው፣ ሙሉ በሙሉ ተደምስሶ እንደገና ሲጀመርና ኔት ሲያገኝ ወደ ድሮ ትምህርት ቤቱ ይመለሳል፤ የዚያን ትምህርት ቤት አካውንት ካላገኘም አያስገባም። መፍታት የሚችለው የቀድሞው ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ ያለ ኔት ሲታይ ይህ ጨርሶ ላይታወቅ ይችላል።

አንዳንድ ጠጋኞች መቆለፊያውን ለማለፍ ማሽኑን ዴቨሎፐር ሞድ ላይ ያደርጉታል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ በተከፈተ ቁጥር OS verification is OFF የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። በዚያ ገጽ ላይ ልጅ ስፔስ ተጭኖ ቀጥሎ ቢያረጋግጥ ማሽኑ ላይ ያለው ሁሉ ይደመሰሳል፣ መቆለፊያውም ሊመለስ ይችላል። እንዲህ ያለውን ማሽን ለተማሪ መግዛት አይገባም። ትክክለኛው ፈተና ሻጩን አስፈቅዶ፣ በመግቢያው ገጽ ላይ Ctrl+Alt+Shift+R ተጭኖ Powerwash ማድረግ፣ ከዚያ ከስልክ ሆትስፖት አገናኝቶ በራስ የጉግል አካውንት እስከ መጨረሻው መግባት ነው። የትምህርት ቤት ስም ሳያነሳ ካስገባ ንጹሕ ነው። ይህ ሙከራ ጥቂት ዳታ ይወስዳል፤ ማሽኑ ሲጀመርና አዲስ ሰው ሲገባበት ኔት የግድ ስለሚፈልግ በማንኛውም መንገድ መደረግ ያለበት ነገር ነው። አንዴ የገባ ሰው ግን ከዚያ በኋላ ያለ ኔትም በፓስወርዱ ይገባል።

ሻጭ ወይም የሚያውቅ ጓደኛ «ሊኑክስ ጫንበትና ሙሉ ላፕቶፕ ይሆናል» ሊል ይችላል። ከፊሉ ትክክል ነው። አዳዲሶቹ ክሮምቡኮች ውስጥ የሊኑክስ ክፍል ሊበራ ይችላል፣ ከበራ በኋላም እነዚህ ሁለት ትእዛዞች ሊብሬ ኦፊስን ያመጣሉ፦

```
sudo apt update
sudo apt install libreoffice
```

ከዚያ በኋላ የዎርድ ፋይል ያለ ኔት ይከፈታል። ነገር ግን ለዚህ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት መውረድ አለበት፣ ማሽኑም ለሊኑክሱ 10 ጊጋ ያህል ቦታ እንዲለቀቅ ይመክራል። 32 ጊጋ ማከማቻና 4 ጊጋ ራም ባለው ማሽን ላይ ይህ ጠባብ ነው፤ 64 ጊጋና 8 ጊጋ ራም ካለው ግን ደህና ይሆናል። ማከማቻው ሲሞላ ሌላም ችግር አለ። ክሮምቡክ ቦታ ሲያጥረው ለረጅም ጊዜ ያልገባበትን ተጠቃሚ ማሽኑ ላይ ያለ ፋይል ሊሰርዝ ይችላል። ሦስት ወንድማማቾች የሚጋሩት ከሆነ አልፎ አልፎ የሚገባው ልጅ የዳውንሎድ ፋይሎቹን በፍላሽ ይያዝ።

በእኔ አስተያየት ዩኒቨርሲቲና ቴክኒክና ሙያ ለሚማር፣ ቤቱ ወይም ዶርሙ ኔት አስተማማኝ ላልሆነ ተማሪ፣ ያገለገለ ሙሉ ላፕቶፕ ባትሪው ደክሞም ቢሆን ይሻለዋል። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ፍርዱ ይለያል። እሱ የሚፈልገው በአብዛኛው የመማሪያ መጻሕፍቱን ፒዲኤፍ ማንበብ፣ ማስታወሻ መጻፍ፣ የወረደ ቪዲዮ ማየት ነው። ይህን ሁሉ ክሮምቡክ ያለ ኔት ይሠራል፣ መብራት በሌለበት ማታም ረጅም ሰዓት ይሠራል።

ክሮምቡክ ከሙሉ ላፕቶፕ የሚበልጥበት አንድ ቦታ አለ፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ሰርቨር ሲኖር ነው። ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። የካን አካዳሚ ቪዲዮዎችንና ሌሎች ትምህርቶችን አንድ ተራ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ በክፍሉ ዋይፋይ ያሰራጫል። ቁሳቁሱ አንዴ ኔት ባለበት ቦታ ይወርዳል ወይም በሃርድ ዲስክ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ተማሪው ብሮውዘሩ ላይ እንደ http://192.168.0.10:8080 ያለ የሰርቨሩን አድራሻ ይጽፋል፣ በኮሊብሪ ስሙ ይገባል፣ ውጤቱም ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል። ክሮምቡኩ «ኢንተርኔት የለም» ቢልም ከዋይፋዩ ጋር እንደተገናኘ ይቆያል። እያንዳንዱ ልጅ የጉግል አካውንት እንኳ አያስፈልገውም፤ አንዴ በትክክል የተዘጋጀ ማሽን ላይ በእንግዳ መግቢያ ይገባል፣ ሲወጣም ማሽኑ ንጹሕ ሆኖ ለቀጣዩ ልጅ ይቀራል። እዚህ ቫይረስም፣ የኦፊስ ፈቃድም፣ የተበላሸ ዊንዶውስም ጥያቄ ስለማይሆን አንድ የአይሲቲ መምህር ብዙ ማሽን መያዝ ይችላል። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩና ዋይፋዩ ብቻ ከሶላር ባትሪ ጋር ቢያያዙ ክፍሉ ይቀጥላል።

ከአሜሪካ ለእህቱ ወይም ለወንድሙ ክሮምቡክ የሚልክ ሰውም ብዙ ነገር ከዚያው ማቅለል ይችላል። ተቆልፎ የቆየ ማሽን መጀመሪያ ሲከፈት የሚያወርደው ዝማኔ ትልቅ ሊሆን ስለሚችል ያንን እዚያው ያውርደው። በተቀባዩ የጉግል አካውንት ያስገባው፤ ጉግል ወደ ስልክ ቁጥር የማረጋገጫ ኮድ ስለሚልክ ይህ ሲደረግ በስልክ እየተነጋገሩ ቢሆን ይሻላል። ኦፍላይኑን ያብራ፣ የአማርኛ መጻፊያውን ይጨምር፣ ከተቻለ የሊኑክሱን ክፍልና ሊብሬ ኦፊስን ይጫን፣ የክፍሉን መጻሕፍት ፒዲኤፍ Downloads ውስጥ ያስቀምጥ። ከዚያ ዋይፋዩን አጥፍቶ፣ ማሽኑን ዘግቶ እንደገና ይክፈትና እያንዳንዱን ፋይል አንድ በአንድ ይሞክር። የማይከፈት ካገኘ ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት እዚያው ማስተካከል ይችላል።